ማርጂናል ሬቨኑ ለምን በእጥፍ ይወርዳል? ጀማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሞኖፖሊ፣ ማለትም አንድ ሻጭ ብቻ ያለበት ገበያ፣ ላይ ሲደርስ አንድ ሕግ በቃሉ ይይዛል። «ዲማንዱ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ፣ የማርጂናል ሬቨኑ መስመር በእጥፍ ይወርዳል።» ፈተና ላይ ይጽፋታል፣ ነጥቧንም ያገኛል። «ለምን እጥፍ? ለምን ሦስት እጥፍ አልሆነም?» ሲባል ግን ዝም ይላል። መልሱ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ከመልሱ በፊት ጥቂት ስህተቶች መንገድ ስለሚዘጉ ነው።

በአንድ ምሳሌ እንሂድ። በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ኬክ ቤት ብቻ አለ እንበል። ባለቤቷ የልደት ኬክ ትሸጣለች። የቀኑ ዋጋ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ነው፣ ክርክር የለም። በቀን አንድ ኬክ ብቻ ልሽጥ ካለች 1,900 ብር መጠየቅ ትችላለች። ሁለት ለመሸጥ 1,800፣ ሦስት ለመሸጥ 1,700 ማድረግ አለባት። አንድ ኬክ በጨመረች ቁጥር ዋጋው በ100 ብር ይቀንሳል ማለት ነው። የዲማንዱ መስመር ይሄ ነው። ዋጋውን P፣ የኬኩን ብዛት Q ብለን በቀመር ስንጽፈው፦

P = 2000 − 100Q

ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከእነሱ የሚወጣ ነው።

ስህተት 1፦ «አምስተኛው ኬክ በ1,500 ከተሸጠ፣ ያመጣው 1,500 ነው»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፤ ሌሎቹ አብዛኞቹ ከሱ ይወለዳሉ።

አራት ኬክ በምትሸጥበት ቀን ዋጋው 1,600 ነው። አራት ጊዜ 1,600፣ 6,400 ብር። አምስት በምትሸጥበት ቀን ዋጋው 1,500 ነው። አምስት ጊዜ 1,500፣ 7,500 ብር። ልዩነቱ 1,100 ብር ብቻ ነው። ማርጂናል ሬቨኑ ማለት ይሄ ነው፦ አንድ ኬክ በመጨመሯ በጠቅላላ ገቢዋ ላይ የተጨመረው ብር።

ታዲያ 400 ብሩ የት ገባ? አምስተኛው ደንበኛ 1,500 ብሩን ከፍሏል፣ እሱ ላይ ጥርጥር የለም። ነገር ግን እሱን ለማምጣት ሲባል ዋጋው በ100 ብር ወረደ። ያለዚያም በ1,600 ይገዙ የነበሩት አራት ሰዎች አሁን እያንዳንዳቸው 100 ብር ቀንሰው ከፈሉ። አራት ጊዜ መቶ፣ አራት መቶ። ስለዚህ 1,500 ሲቀነስ 400፣ 1,100።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ጥያቄ ያነሳል፤ ተገቢም ነው። «የፊተኞቹ አራቱ ገዝተው ሄደዋል አይደል? ብራቸውን መልሳ አትሰጥ!» አዎ፣ የሚመለስ ብር የለም። ምክንያቱም ጠዋት አራት ሸጣ ከሰዓት አምስተኛውን ስለመጨመር አይደለም የምናወራው። የምናነጻጽረው ሁለት አማራጭ ቀኖችን ነው፦ ከመጀመሪያው 1,600 ብር ለጥፋ የዋለችበትን ቀን፣ እና ከመጀመሪያው 1,500 ለጥፋ የዋለችበትን ቀን። በሁለተኛው ቀን አምስቱም የሚከፍሉት 1,500 ነው። ይሄ ካልተያዘ ቀጣዩ ነገር አይገባም።

ስህተት 2፦ «ሁለቷ የመጣችው ከዴሪቬቲቭ ነው»

ውሸት አይደለም፤ ግን ምንም አያስረዳም። ጠቅላላ ገቢው TR = 2000Q − 100Q² ነው፣ ዴሪቬቲቩ፣ ማለትም ማርጂናል ሬቨኑ፣ MR = 2000 − 200Q ይሆናል። 100 የነበረው 200 ሆነ፣ በቃ። አሪፍ ነው፣ ግን ኬክ ቤቱ ውስጥ ምን ተፈጠረ?

አንድ እርምጃ እንጨምር። አሁን ከአምስት ወደ ስድስት እንሂድ። ዋጋው ከ1,500 ወደ 1,400 ይወርዳል። ስድስተኛው ደንበኛ 1,400 ያመጣል። ቀድሞ የነበሩት አምስት ሰዎች ደግሞ መቶ መቶ ይቀንሳሉ፣ 500 ብር። 1,400 ሲቀነስ 500፣ 900።

እንግዲህ ሁለቱን እርምጃዎች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። የአምስተኛው ኬክ 1,100 ነበር፣ የስድስተኛው 900 ሆነ። በ200 ወረደ። ይሄ 200 ከሁለት ቦታ የመጣ ነው። አንደኛው መቶ፣ አዲሱ ደንበኛ ራሱ ከቀደመው አዲስ ደንበኛ በ100 ብር ያነሰ መክፈሉ ነው፤ 1,500 የነበረው 1,400 ሆነ። ሁለተኛው መቶ፣ ቅናሹ የሚደርሳቸው የቀድሞ ደንበኞች በአንድ ሰው መጨመራቸው ነው፤ አራት የነበሩት አምስት ሆኑ፣ 400 የነበረው ኪሳራ 500 ሆነ።

ከገቢው በኩል መቶ ቀነሰ፣ ከኪሳራው በኩል መቶ ጨመረ። እጥፉ ይሄው ነው። ሦስት እጥፍ የማይሆነውም ሦስተኛ ምንጭ ስለሌለ ነው። ሁለቱ መቶዎች እኩል የሆኑበት ምክንያት ደግሞ የዲማንዱ መስመር ቀጥ ያለ መሆኑ ነው፤ በየእርምጃው ዋጋው የሚወርደው ያው በመቶ ነው። ይሄን ነገር በኋላ እንፈልገዋለን።

ዴሪቬቲቩም የሚለው ይሄንኑ ነው። በ100Q² ውስጥ Q ሁለቴ ተባዝቷል፦ አንዴ ዋጋውን ስለሚያወርድ፣ አንዴ ደግሞ ያ የወረደ ዋጋ በስንት ኬክ ላይ እንደሚያርፍ ስለሚቆጥር።

ስህተት 3፦ እጥፍን «የዋጋው ግማሽ» አድርጎ መረዳት

«በእጥፍ ይወርዳል» ሲባል ሰው ቶሎ ብሎ «እንግዲያው የዋጋው ግማሽ ነው» ይላል። አይደለም። አራት ኬክ ላይ ዋጋው 1,600 ነው፣ በቀመሩ ማርጂናል ሬቨኑ 1,200። የ1,600 ግማሽ 800 ነው፣ አይገጥምም። እጥፍ የሆነው ከመነሻው የተወረደው ርቀት ነው። ሁለቱም መስመሮች ከ2,000 ይነሳሉ፤ ዋጋው 400 ሲወርድ ማርጂናል ሬቨኑ 800 ይወርዳል።

ግማሽ የሚሆን ነገር ከፈለጉ ወደ ጎን ይመልከቱ። የዲማንዱ መስመር የታችኛውን አግድም መስመር የሚነካው 20 ኬክ ላይ ነው። ማርጂናል ሬቨኑ ግን 10 ላይ ይነካዋል። በማንኛውም ከፍታ ላይ ወደ ጎን ቢለኩ የማርጂናል ሬቨኑ መስመር በቋሚው መስመርና በዲማንዱ መካከል እኩል ቦታ ላይ ይገኛል። ግራፍ በእጅ ሲስሉ ይሄ በጣም ይረዳል፦ የዲማንዱን ታችኛ ጫፍ ግማሽ ላይ ነጥብ ያድርጉ፣ ከላይኛው መነሻ ጋር ያገናኙ፣ አለቀ።

ፈረንሳዊው ኦገስቲን ኩርኖ በ1838 ስለ ሞኖፖሊ ሲጽፍ የማዕድን ውሃ ምንጭ ያለውን ሰው ምሳሌ አድርጎ ነበር፤ ውሃው ከመሬት የሚፈልቅ ስለሆነ ማምረቻ ወጪ የለውም። እንዲህ ያለ ባለቤት፣ ዲማንዱ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ፣ በነጻ ቢሰጥ ሰው ይወስድ ከነበረው ግማሹን ብቻ ይሸጣል። በእኛ ቁጥር 10 ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጨመር እያንዳንዱ ሽያጭ ጠቅላላ ገቢን ይቀንሳል፦ 10 ላይ 10,000 ብር፣ 11 ላይ 9,900።

ስህተት 4፦ ሰንጠረዡና ቀመሩ ሲጣሉ መደናገጥ

ቅድም በሰንጠረዥ እንደሚሠራው ኬክ በኬክ ቆጥረን የአምስተኛው ኬክ 1,100 ነው ብለናል። ቀመሩ ላይ Q = 5 ቢያስገቡ ግን 1,000 ይወጣል። የቱ ነው ትክክል?

ሁለቱም። ሰንጠረዡ የሚለካው ከአራት ወደ አምስት ያለውን ሙሉ እርምጃ ነው። ቀመሩ የሚለካው በትክክል አምስት ላይ ሲቆሙ ያለውን ነው፤ ወደ አምስት ሲገቡ 1,100፣ ከአምስት ሲወጡ 900፣ መሐሉ 1,000። ቀመሩን ከሰንጠረዡ ጋር ማስማማት ከፈለጉ 4.5 ያስገቡ፣ 1,100 ያገኛሉ። በግራፍ ላይ የሰንጠረዡን ቁጥሮች በየእርምጃው መሐል መሐል ላይ ቢያስቀምጡ ልክ መስመሩ ላይ ያርፋሉ። በሁለቱም መንገድ ግን ቁልቁለቱ ያው 200 ነው።

ስህተት 5፦ ዋጋውን ከማርጂናል ሬቨኑ መስመር ላይ ማንበብ

ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚበላው ይሄኛው ይመስለኛል። አንድ ኬክ ለመሥራት 600 ብር ያስወጣል እንበል። ትርፍ ከፍተኛ የሚሆነው ማርጂናል ሬቨኑ ከዚህ ወጪ ጋር እኩል ሲሆን ነው፦ 2000 − 200Q = 600፣ Q = 7። እስከዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ ተማሪው መስመሮቹ የተገናኙበትን 600 አይቶ «ዋጋው 600 ብር» ብሎ ይጽፋል።

በ600 ብር ሠርታ በ600 ብር ብትሸጥ ምን ልታተርፍ? የተገናኙት መስመሮች የሚነግሩን ስንት ኬክ እንደምትሸጥ ብቻ ነው። ዋጋውን የሚናገረው ዲማንዱ ነው፤ ወደ ላይ ወጥተው እዚያ ያንብቡ፦ 2000 − 700 = 1,300 ብር። ከአንዱ ኬክ 700 ታተርፋለች፣ ከሰባቱ 4,900። ስድስት ብትሸጥ 4,800፣ ስምንት ብትሸጥም 4,800። መልስዎ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጡት እንዲህ ግራና ቀኙን በማየት ነው።

ስህተት 6፦ ሕጉን በማይሠራበት ቦታ መጠቀም

አንዳንዴ ጥያቄው ዲማንዱን ገልብጦ ይሰጣል፦ Q = 20 − P/100። እዚህ ላይ P/100ን በሁለት አባዝቶ ማርጂናል ሬቨኑ ነው ማለት አይቻልም። መጀመሪያ P ለብቻው ይውጣ፣ ከዚያ የQ አባዢ እጥፍ ይሁን።

ሌላው ክርክር ያለበት ገበያ ነው። ባለቤቷ የእያንዳንዱን ደንበኛ አቅም አይታ ለአንዱ 1,900፣ ለሌላው 1,800 ማስከፈል ብትችል፣ አምስተኛው ደንበኛ 1,500 ሲከፍል የፊተኞቹ አይቀንሱም። ያ 400 ብር ኪሳራ አይኖርም። ማርጂናል ሬቨኑ ራሱ ዋጋው ይሆናል።

ዲማንዱ ጠመዝማዛ ሲሆንም ቅድም ያልናቸው ሁለት መቶዎች እኩል አይሆኑም፤ ዋጋው በየእርምጃው የሚወርደው በተለያየ መጠን ነውና። ለምሳሌ P = 3000/√Q ቢሆን፣ አራት ኬክ ላይ ዋጋው 1,500፣ ማርጂናል ሬቨኑ 750 ነው። እዚህ ላይ ስህተት 3 እውነት ይሆናል፦ ማርጂናል ሬቨኑ የትም ቦታ የዋጋው ግማሽ ነው። የሚወርድበት ፍጥነትም የዲማንዱ እጥፍ ሳይሆን ግማሽ ነው።