ባለ 40 ካርድ ዴክ ስንሠራ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አብረን ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ ከምንጫወተው ልጆች አንዱ ከስድስት ፓኬት የሠራውን ዴክ፣ ማለትም የሚጫወትበትን የካርድ ስብስብ፣ ሰሞኑን አሳየኝ። ካርዶቹ ጠንካሮች ናቸው፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው አራት አምስት ካርድ እጁ ላይ እያለ ነው። እጅ ሞልቶ መሸነፍ ሲደጋገም ጥፋቱ ከካርዶቹ ሳይሆን ከዴኩ አመጣጠን ነው። ስለዚህ ዴኩን ዘርግተን አየነው።

የመጀመሪያው ስህተት ላንድ መቆጠብ ነው፤ ላንድ ሌሎቹን ካርዶች ለማውጣት የሚከፈለውን ማና የሚሰጠን ካርድ ነው። ለጠንካራ ካርዶች ቦታ ለመስጠት ሲል ያስገባው 14 ላንድ ብቻ ነበር። ከ40 ካርድ 17ቱ ላንድ ሲሆኑ፣ መጀመሪያ በሚሰጡት 7 ካርዶች ውስጥ አንድ ላንድ ብቻ የመገኘት ወይም ጭራሽ ያለመገኘት ዕድል ከአሥር አንድ ገደማ ነው። በ14 ላንድ ከአምስት አንድ ይሆናል። አብዛኞቹ ካርዶች ርካሽ ከሆኑ 16 ላንድ ይበቃል፤ ከዚያ በታች ግን አልመክርም።

ሁለተኛውና ብዙዎቻችንን የሚጥለን፣ የካርዱን ጉልበት አይቶ ዋጋውን መርሳት ነው። ልጁ ስድስት ማና የሚጠይቁ አምስት ካርዶች ነበሩት፤ በሁለት ማና የሚወጡት ግን ሦስት ብቻ። ጨዋታውን የሚጀምረው እሱ ሆኖ ስድስተኛ ተራው ሲደርስ በድምሩ 12 ካርድ አይቷል፤ በ14 ላንድ ከእነዚህ ውስጥ ላንድ የሚሆኑት በአማካይ አራት ናቸው። በ17 እንኳ አምስት ቢሆኑ ነው። ስለዚህ ባለ ስድስቶቹ እጁ ላይ ይከርማሉ፤ ተጋጣሚው ደግሞ ከሁለተኛው ተራ ጀምሮ ያጠቃዋል። ላንዱን 17 አድርገን የቀሩትን 23 ካርዶች እንዲህ ደለደልናቸው፦ በአንድ ማና አንድ፣ በሁለት ስድስት፣ በሦስት ስድስት፣ በአራት አምስት፣ በአምስት ሦስት፣ በስድስት ሁለት። ባለ ስድስት ማና ካርዶቹን ከዴኩ ሲቀንስ በጣም ከፋው፤ እኔም አዘንኩለት፤ ግን የማይወጣ ካርድ አያሸንፍም።

ክሪቸር፣ ማለትም ሜዳ ላይ ወጥተው የሚያጠቁልንንና የሚከላከሉልንን ፍጡራን፣ ማሳነስም አለ። ማጥፊያና ማጠናከሪያ ካርዶች ያጓጓሉ፤ ማጠናከሪያው ግን ሜዳ ላይ ክሪቸር ከሌለ ዋጋ የለውም። ከ23ቱ 16 ክሪቸር፣ 7 ሌላ አደረግን። ከሰባቱም ቅድሚያ የሰጠነው የተጋጣሚን ክሪቸር ለሚያጠፉት ነው።

ሁለት ቀለም ስትጫወቱ ላንዱን እኩል አትክፈሉት። የሱ 14 ካርዶች አረንጓዴ፣ 9ኙ ቀይ ስለሆኑ አረንጓዴ ማና የሚሰጡ 10 ፎረስትና ቀይ ማና የሚሰጡ 7 ማውንቴን ሰጠነው። ቀዮቹ በአብዛኛው በሁለት ማና የሚወጡ ቢሆኑ ኖሮ ግን ቶሎ ስለሚያስፈልጉ ማውንቴኑን 8 እናደርገው ነበር።

41ኛ ካርድ መጨመርም ይቅር። ከፓኬት ለሚሠራ ዴክ 40 ዝቅተኛው ቁጥር ነው፤ በላዩ የሚታከል እያንዳንዱ ካርድ ምርጡን ካርድ የማግኘት ዕድልን ይቀንሳል።