አንድ ደራሲ፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ሥራ፦ ሀ እና ለን የት እናስገባ?

ጽሑፋችሁ ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ (እገሌ፣ 2012) ብላችኋል እንበል። አንባቢው ምንጩን ሊያይ ወደ ዋቢ ዝርዝሩ ሲወርድ ግን በ2012 የወጡ ሁለት የእገሌ ጽሑፎች ተደርድረው ያገኛል። የትኛውን ነው ያላችሁት? መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዓመቱ ላይ ፊደል መለጠፍ። 2012ሀ እና 2012ለ። በላቲን ፊደል የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ 2012a እና 2012b ይሆናል። በዓመቱና በፊደሉ መካከል ክፍት ቦታ የለም።

መጀመሪያ ግን ፊደል የሚያስፈልግ መሆኑን አረጋግጡ። የአንዱን መጽሐፍ ገጽ 12 እና ገጽ 40 መጥቀስ ሁለት ሥራ አያደርገውም፤ የገጽ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚለየው። እገሌ አንዱን ጽሑፍ ብቻውን፣ ሌላውን ከእገሊት ጋር ጽፎት ከሆነም ፊደል አያሻም፤ ስሞቹ ራሳቸው ይለዩዋቸዋል። ፊደል የሚመጣው የደራሲዎቹ ስም እስከነቅደም ተከተሉ አንድ ሲሆን፣ ዓመቱም አንድ ሲሆን ነው።

አሁን ሀ የሚሆነው የትኛው ነው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ቀድሞ ለተጠቀሰው ሀ ይሰጣል። በAPAም ሆነ በቺካጎ የአጠቃቀስ አሠራር ግን ወሳኙ የርዕሱ የፊደል ቅደም ተከተል ነው። (አንዳንድ የሃርቫርድ መመሪያዎች በአጠቃቀስ ተራ ያስኬዳሉ፤ የተሰጣችሁን መመሪያ እዩት።)

በምሳሌ እንሂድ። የእገሌ ሁለት ጽሑፎች ርዕሳቸው «የአፈር መሸርሸርና የእርሻ ምርት» እና «የመስኖ ውሃ አያያዝ» ነው። ሁለቱም በ«የ» ስለሚጀምሩ ሁለተኛውን ፊደል እናያለን። በሀ-ለ-ሐ-መ ተራ «መ» ከ«አ» ይቀድማል። ስለዚህ መስኖው 2012ሀ፣ አፈሩ 2012ለ ይሆናል። ጽሑፋችሁ የሚጀምረው ስለ አፈር ከሆነ አንባቢው መጀመሪያ የሚያገኘው 2012ለን ነው። ለዓይን ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ስህተት አይደለም።

ከዚያ ያንኑ ፊደል ሁለቱም ቦታ አስገቡ። ዝርዝሩ ውስጥ፦ እገሌ (2012ሀ)። የመስኖ ውሃ አያያዝ። ጽሑፉ መሀል፦ (እገሌ፣ 2012ሀ)። ሁለቱን አንድ ላይ ስትጠቅሱ ስሙን መድገም አያስፈልግም፤ (እገሌ፣ 2012ሀ፣ 2012ለ) ይበቃል።

ችግሩ የሚመጣው ሥራው አለቀ ስትሉ ሦስተኛ ጽሑፍ ብቅ ሲል ነው። «የአፈር ለምነት ጥበቃ» የሚል፣ እሱም የ2012። በተራው ከ«የአፈር መሸርሸር» ይቀድማል፤ ስለዚህ 2012ለ እሱ ይሆንና የድሮው ለ ወደ ሐ ይገፋል። ፊደሎቹን ስትቀይሩ ከኋላ ጀምሩ። መጀመሪያ የድሮውን ለ በሙሉ ሐ አድርጉ፣ ከዚያ አዲሱን ለ አስገቡ። አዲሱን አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ከዚያ «ለን ሁሉ በሐ ተካ» ካላችሁ ሁለቱም ሐ ይሆኑና ይደባለቃሉ። ስትፈልጉም የደራሲውን ስም እዩ፤ 2012ለ የሌላ ሰውም ሊሆን ይችላል። ደግሞ «እገሌ፣ 2012ለ» ብሎ መፈለግ ብቻውን «እገሌ (2012ለ)» የሚለውንና አብረው የተጠቀሱትን ያስመልጣል። እኔ 2012ለን ብቻ ፈልጌ አንድ በአንድ ነው የማልፈው። ያሰለቻል፣ ግን ያዋጣል።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያድነው ፊደሉን እስከ መጨረሻው አለመስጠት ነው። ረቂቁ ላይ (እገሌ፣ 2012-መስኖ)፣ (እገሌ፣ 2012-አፈር) እያላችሁ ጻፉ። ዝርዝሩ ሲዘጋ ወደ ፊደል ቀይሯቸው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሃሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ ድምፃቸው አንድ ነው። ሦስት ሥራ ካላችሁና ጽሑፉን ለሌላ ሰው በቃል የምታስተካክሉ ከሆነ የትኛው ሀ እንደሆነ ለይታችሁ ተናገሩ።

እንደ Zotero ያለ የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም ፊደሉን ራሱ ይሰጣል፣ ሥራ ሲጨመርም ራሱ ያስተካክላል። ግን አንድ ምንጭ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ከሆነ ሁለት ሥራ ይመስለዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ጽሑፍ ብቻ የጠቀሳችሁለት ደራሲ ድንገት a እና b ይዞ ይመጣል፣ ዝርዝሩ ላይም አንድ ርዕስ ሁለቴ ይታያል። ፊደሉን በእጅ አትሰርዙት፤ ተመልሶ ይመጣል። `Duplicate Items` ውስጥ ገብታችሁ ሁለቱን አዋህዷቸው።

ከመላካችሁ በፊት ደግሞ አንድ የመጨረሻ ፍተሻ፦ 2012ን ብቻ ፈልጉ። ከእገሌ ስም ጋር ፊደል ሳይይዝ የቀረ ካለ፣ የትኛው ሥራ እንደሆነ የምታውቁት አሁን እናንተ ብቻ ናችሁ።