ኔት ሳይኖር ጌም እንዲከፍት፦ የስቲም ኦፍላይን ሞድ እንዴት እንደሚሰራ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ከደሴ ኮምቦልቻ እኛ ቤት መጣ። ጌሙን ስቲም ከሚባለው የጌም መሸጫ ያወረደው ፒያሳ አካባቢ ጓደኛው ቤት፣ በዋይፋይ ነው። ሐረጎን ወርዶ እኛ ቤት ሲደርስ ግን ጌሙ አልከፍትም አለ። እኛ ቤት ዋይፋይ የለም። «አጎቴ፣ በገንዘቤ የገዛሁትን ጌም ከለከለኝ» አለና አኮረፈ። «አብሽር፣ እናየዋለን» አልኩት።

ብዙ ሰው ኦፍላይን ሞድ ሲባል ስቲም የባለቤትነት ፍተሻውን የሚተወው ይመስለዋል። አይተወውም። ኔት እያለ ስቲም ሁለት ነገር ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል። አንዱ አካውንታችሁን ያለ ፓስወርድ የሚያስገባ ቁልፍ ነው። ሌላው «ይህ ጌም የዚህ አካውንት ነው» የሚል ማረጋገጫ ነው። ኔት ሲጠፋ የሚያየው እነዚህን ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚያልቀው ኔት ያለበት ቦታ ላይ ነው፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት።

መጀመሪያ ስትገቡ `Remember me` የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። እሱ ከሌለ ቁልፉ አይቀመጥም። ከዚያ በኋላ `Sign Out` አትበሉ፣ ቁልፉ ይጠፋል።

ቀጥሎ ጌሙ ወርዶ ማለቁ አይበቃም፤ ኔት እያለ አንዴ ክፈቱትና ዋናው ሜኑ እስኪመጣ ጠብቁ። ብዙ ጌም አጋዥ ፕሮግራሞቹን የሚጭነውም፣ የራሱን ፈቃድ የሚያመጣውም መጀመሪያ ሲከፈት ነው።

ሦስተኛው ልጁን የጣለው ነገር ነው። `steamapps` የሚባለውን ፎልደር ከፈትን። እያንዳንዱ ጌም እዚያ `appmanifest_` ብሎ ጀምሮ በቁጥር የሚቀጥል ፋይል አለው። የእሱን በኖትፓድ ስንከፍተው ይህ መስመር ነበረበት፦

```
"StateFlags"   "6"
```

4 ቢሆን ኖሮ ጌሙ ሙሉ ነው፣ ዝግጁ ነው ማለት ነው። 6 ግን ጌሙ ተጭኗል፣ አፕዴት ግን ይቀረዋል ማለት ነው። ስጠይቀው ነገሩ ወጣ። ጠዋት አፕዴት ሲጀምር የጓደኛውን ዳታ እንዳይበላ ብሎ አቁሞታል። ስቲም ደግሞ አፕዴት እንዳለ አንዴ ካወቀ ያለ ኔት ያንን ጌም አይከፍትም። ፋይሉ ላይ ቁጥሩን በእጅ 4 ማድረግ ያምራል፣ ግን አልመክርም፤ የጎደለው ፋይል በቁጥር አይሞላም።

የስልኬን ሆትስፖት ከፈትኩለት። አፕዴቱ ትንሽ ስለነበር ብዙም ሳንጠብቅ አለቀ። ጌሙን አንዴ ከፍቶ ዘጋው። ከዚያ ከላይ በግራ ካለው `Steam` ሜኑ `Go Offline` አስመረጥኩትና ሆትስፖቱን አጠፋሁት። ጌሙ ከፈተ።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ይህንኑ ራሳችሁ ሞክሩ። `Go Offline` ካላችሁ በኋላ ስቲምን ከሜኑው `Exit` ብላችሁ ዝጉ። በኤክሷ ብቻ ከዘጋችሁት ከጀርባ መስራቱን ይቀጥላል፣ ሙከራውም አይታመንም። ዋይፋዩን አጥፉ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉና ጌሙን ክፈቱ። እምቢ ካለ እዚያው ኔት እያለ ታስተካክላላችሁ።

መብራት የሚቆራረጥበት ቤት ዴስክቶፕ ያለው ሰው አንድ ነገር ደግሞ ይይ። የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ካለቀ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። ቁልፍና ማረጋገጫ ደግሞ የሚሰሩበት ቀን አላቸው። ሰዓቱ ከተዛባ ኔት እያለ እንኳ መግባት ሊያስቸግር ይችላል። ፓስወርድ ከመቀየራችሁ በፊት ከታች በቀኝ ያለውን ቀን እዩ።

ጌም በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ከጓደኛ የሚገለብጡም አሉ። ይህ ዳታ ያተርፋል፤ ጌሙን በአካውንታችሁ እስከገዛችሁ ድረስ ይሰራል። ግን የሚገለበጠው ፋይሉ ነው፣ ማረጋገጫው አይገለበጥም። በራሳችሁ አካውንት ኔት ላይ ገብታችሁ አንዴ መክፈት ግድ ነው። ለዚያ የስልክ ሆትስፖት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም የማይከፍት ጌም አለ። ስቲም ካለፈው በኋላ ጌሙ ራሱ ሌላ ፍተሻ ያደርጋል። አንዳንዱ የአሳታሚውን ሌላ ላውንቸር ይጠራል፤ እዚያም ለብቻ መግባትና ኦፍላይን ማድረግ ያስፈልጋል። ዴኑቮ የተባለ የኮፒ መከላከያ ያለበት ደግሞ ፈቃዱን ከኮምፒውተሩ ጋር ያስራል። የኮምፒውተሩ ዕቃ ሲቀየር፣ አንዳንዴም ከዊንዶውስ ትልቅ አፕዴት በኋላ፣ እንደገና ኔት ይጠይቃል። በኦንላይን ብቻ የሚጫወቱት ላይማ ኦፍላይን ሞድ ምንም አይሰራም።

የትኛው እንደከለከላችሁ ለመለየት መልእክቱ የወጣበትን መስኮት እዩ። የስቲም መስኮት ከሆነ ከላይ ያሉትን ደረጃዎች ከመጀመሪያው ድገሙ። የጌሙ መስኮት ተከፍቶ፣ አርማው ታይቶ ከዚያ ከሆነ ያቆመው ግን፣ ስቲም ሥራውን ጨርሷል። እንዲህ ያለው ጌም በስቲም ገጹ በቀኝ በኩል መከላከያው ወይም ተጨማሪ አካውንት እንደሚፈልግ ብዙ ጊዜ ተጽፎበታል። እሱን ከመግዛታችሁ በፊት ነው ማየት ያለባችሁ።