አገሩ ያልተጻፈበት ፖስታ ኮድ፦ ባለ አራት አሃዙ ለምን ያሳስታል?

ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ አድራሻ ማዘጋጀት ስራዬ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ የሰርግ ልብስ። የተቀባዮቹ ዝርዝር ከላኪው በኤክሴል ይመጣል። ስም አለ፣ መንገድ አለ፣ ስልክ አለ፣ ፖስታ ኮድ አለ። «አገር» የሚለው ሳጥን ግን ባዶ ነው። ላኪው ተቀባዩ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ሁሉም ሰው የሚያውቅ ይመስለዋል።

ከተማው ከተጻፈ ችግር የለም። መጀመሪያ ላኪውን ደውሎ መጠየቅም ያው የታወቀ ነው። እዚህ የምጽፈው ላኪው ስልክ ሳያነሳ፣ መኪናው ደግሞ ከሰዓት ሲወጣ ለሚቸገር ሰው ነው።

ምልክት፦ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ

ይሄ ቀላሉ ነው። ስድስት ሆኖ ፊደል ቁጥር፣ ፊደል ቁጥር እያለ ከተፈራረቀ ካናዳ ነው። `K1A 0A6` የኦታዋ ነው። መጨረሻው አንድ ቁጥርና ሁለት ፊደል ከሆነ ደግሞ እንግሊዝ ነው፣ እንደ `SW1A 1AA`። አራት ቁጥር ቀድሞ ሁለት ፊደል ከተከተለ ሆላንድ ነው።

ሰዎች ክፍተቱን ስለሚዘሉት ካናዳና እንግሊዝ ይምታታሉ። ያኔ የመጨረሻዋን ምልክት ብቻ እዩ። ቁጥር ከሆነች ካናዳ፣ ፊደል ከሆነች እንግሊዝ። የካናዳ ኮድ ላይ `O` የሚል ፊደል ካያችሁ ዜሮ ነው፣ አስተካክሉት። ካናዳ `D`፣ `F`፣ `I`፣ `O`፣ `Q` እና `U` የሚባሉትን ፊደላት በኮዷ ውስጥ አትጠቀምም። ከቁጥር ጋር እንዳይምታቱ ወይም እርስ በርስ እንዳይመሳሰሉ ነው።

ምልክት፦ አራት አሃዝ ብቻ

ዋናው ችግር ይሄ ነው። በሳምንት ሳላየው የቀረሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አራት አሃዝ ያላቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ኢትዮጵያ፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክ፣ ስዊዘርላንድ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ አውስትራሊያ፣ ደቡብ አፍሪካ። `1000` የአዲስ አበባ ነው፣ የብራስልስም ነው፣ የሎዛንም ነው። ስለዚህ አራት አሃዝ ያየ ሰው ከእነዚህ አንዱን ይመርጥና ይቀጥላል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኮዱ መጀመሪያውኑ ባለ አራት አሃዝ ላይሆን ይችላል።

ምክንያቱ ኤክሴል ነው። በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ስትጽፉለት ዜሮውን ይጥለዋል። ለእሱ ቁጥር ነው፣ ከፊቱ ያለ ዜሮ ደግሞ ዋጋ የለውም። የአሜሪካ ዚፕ ኮድ አምስት አሃዝ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ያሉት ግዛቶች ኮድ ግን በዜሮ ይጀምራል። ማሳቹሴትስ 01 እና 02፣ ሮድ አይላንድ 02፣ ኒው ሃምፕሻየር 03፣ ሜን 04፣ ቨርሞንት 05፣ ኮነቲከት 06፣ ኒው ጀርሲ 07 እና 08። የቦስተኑ `02118` ኤክሴል ውስጥ ገብቶ ሲወጣ `2118` ይሆናል። የሲልቨር ስፕሪንጉ `20910` ግን ምንም አይሆንም። ለዚህ ነው ከዋሽንግተን አካባቢ ጋር ብቻ የሚሰራ ሰው ይሄን ችግር ለዓመታት ሳያየው የሚቆየው።

አውሮፓም ላይ ያው ነው። የባርሴሎናው `08001` ዜሮው ሲወድቅ የዙሪክ `8001` ይሆናል። ሁለቱም እውነተኛ ኮዶች ናቸው። ኮዱን ብቻ የሚያይ የማጣሪያ ፕሮግራም ሁለቱንም ያሳልፋል።

ስራውን በጀመርኩበት ሰሞን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለአንዲት ሙሽራ የተሰፋ ቀሚስ ነበር። አድራሻው የመንገድ ስም፣ `2118` የሚል ኮድ፣ እና በ617 የሚጀምር ስልክ ነበረው። ከተማ የለም፣ አገር የለም። `2118` ብዬ ፈለግሁ፣ ሲድኒ ውስጥ ካርሊንግፎርድ የሚባል ሰፈር ወጣልኝ። ስልኩን አየሁ፣ በ61 ይጀምራል። 61 የአውስትራሊያ መለያ ነው። ሁለት ማስረጃ ተገኘ ብዬ «አውስትራሊያ» ብዬ ጻፍኩበት።

617 የቦስተን የስልክ ኮድ ነው። ላኪዋ ከፊቱ ያለውን የአሜሪካ `+1` ሳትጽፈው ቀርታ ነው። ቀሚሱ ሲድኒ ደርሶ ተመለሰ። ሰርጉ ግን አልፏል። የሙሽራዋ እናት ቢሮ መጥታ ጥቅሉን ሳትከፍተው ይዛው ስትሄድ ያየኋት ፊቷ አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም።

ያን ቀን አሃዙን ብቆጥር ኖሮ ይበቃ ነበር። አውስትራሊያ 61 ብሎ ከጀመረ ቀጥሎ ዘጠኝ አሃዝ ይመጣል፣ ድምሩ አስራ አንድ። የኔው ስልክ አስር ነበር። አስር አሃዝ ደግሞ የአሜሪካ ስልክ ያለ `+1` ነው። ሌላም ነበር። ከ61 ቀጥሎ 7 ከመጣ የኩዊንስላንድ መስመር ነው፣ የኩዊንስላንድ ፖስታ ኮድ ደግሞ በአብዛኛው በ4 ይጀምራል። በ2 የሚጀምረው የሲድኒ አካባቢ ነው። ኮዱና ስልኩ የተስማሙ መሰለኝ እንጂ ቀረብ ብሎ ላየው እየተጣሉ ነበር።

አሁን የማደርገው ይሄን ነው። አራት አሃዝ ሳይ መጀመሪያ ያንን መስመር ትቼ ዝርዝሩን በሙሉ አያለሁ። ባለ አምስት አሃዝ ኮዶች ሞልተውት አንዱም እንኳ በዜሮ የማይጀምር ከሆነ ዜሮዎቹ ተበልተው ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ኮዱ በሳጥኑ ውስጥ በየት በኩል እንደተጠጋ አያለሁ። ማንም ካልነካካው ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ወደ ቀኝ ከተጠጋ ኤክሴል እንደ ቁጥር ይዞታል፣ ስለዚህ ዜሮ ጥሎ ሊሆን ይችላል። ወደ ግራ ከተጠጋ ሰውየው የጻፈው እንዳለ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከዚያ አድራሻውን አነባለሁ። የቤት ቁጥሩ ከመንገዱ ስም ቀድሞ ከመጣ አሜሪካ ወይም አውስትራሊያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በስዊዘርላንድ ጀርመንኛ ተናጋሪ ከተሞች፣ በኦስትሪያ፣ በኖርዌይና በዴንማርክ ቁጥሩ ከመንገዱ ስም በኋላ ይመጣል። በመጨረሻ ስልኩን እቆጥራለሁ። ኮዱ፣ አድራሻውና ስልኩ ሦስቱም ወደ አንድ አገር ካልመሩኝ ጥቅሉ አይወጣም። ከሰዓት የሚወጣው መኪና ባዶውን ይሂድ።

አሜሪካ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ዜሮውን መመለስ ይሄን ያህል ነው፦

```
=TEXT(A2,"00000")
```

እባካችሁ፣ ይሄን ቀመር ሙሉው አምድ ላይ እንዳትጎትቱት። አንድ ጊዜ አብሮኝ የሚሰራ ልጅ እንዲህ አደረገ። የቦስተኖቹ ተስተካከሉ። እዚያው ዝርዝር ውስጥ የነበረው የአዲስ አበባ `1000` ግን `01000` ሆነ። `01000` ፈረንሳይ ውስጥ ቡርግ አን ብሬስ የምትባል ከተማ ኮድ ነው። አገር የተረጋገጠላቸውን መስመሮች ለይታችሁ እነሱ ላይ ብቻ አድርጉት።

ዜሮው ተመልሶም አገሩ ላይለይ ይችላል። `04103` የሜኗ ፖርትላንድ ነው፣ የጀርመኗ ላይፕዚግም ነው። እዚህም የሚለየው የቤት ቁጥሩ ቦታ ነው። ጀርመን ከመንገዱ ስም በኋላ ነው የምትጽፈው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ዜሮውን መልሳችሁ ፋይሉን በ`.csv` አስቀምጣችሁ ነገ ጠዋት ሁለቴ ተጭናችሁ ስትከፍቱት ዜሮው እንደገና ይጠፋል። ብዙ ሰው «አስተካክዬው ነበር እኮ» የሚለው ለዚህ ነው። አስተካክሎታል፣ ኤክሴል ሲከፍተው ነው የበላው። ፋይሉን ከዳታ ማስገቢያው በኩል ክፈቱት፣ የኮዱን አምድ ጽሑፍ ነው በሉት። ዝርዝሩን ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ ደግሞ አንድም ኮድ ሳትጽፉ በፊት አምዱን ጽሑፍ አድርጉት። ከጻፋችሁ በኋላ ብትቀይሩት የሄደው ዜሮ አይመለስም።

ምልክት፦ ሦስት አሃዝ

የአይስላንድ ሊሆን ይችላል። ከእኛ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሮምን አስቡ። `00184` ሁለቱን ዜሮ ሲጥል `184` ይሆናል።

ምልክት፦ ስምንት አሃዝ

ያለ ሰረዝ የተጻፈ የብራዚል ኮድ ይመስላል። ባለ ዘጠኝ አሃዙ የአሜሪካ ኮድ ዜሮውን ጥሎ የመጣም ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ ሰባት አሃዝ ያለ ሰረዝ

እስራኤል ነው ብላችሁ ጀምሩ። ሦስትና አራት ሆኖ በሰረዝ ከተከፈለ ጃፓን፣ አራትና ሦስት ሆኖ ከተከፈለ ፖርቱጋል ነው። እስራኤል እስከ 2013 ድረስ በአምስት አሃዝ ትሰራ ነበር። የድሮ ዝርዝር ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ አምስቱ አሃዝ እስካሁን ይመጣል፣ አሜሪካም ይመስላል። ሁለቱን አሃዝ ከራሳችሁ አትጨምሩ፣ በመንገዱና በቤት ቁጥሩ አዲሱን ኮድ ፈልጉ።

ምልክት፦ አምስት ወይም ስድስት አሃዝ፣ መንገድ ግን የለም

ይሄ ብዙ ጊዜ ፖስታ ኮድ አይደለም፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ዱባይና አቡዳቢ ያሉ ሰዎች ፖስታ ኮድ የላቸውም፣ አገሩ ራሱ ኮድ አይጠቀምም። ፎርሙ ግን ሳጥኑን ካልሞላችሁ አላሳልፍም ይላል። ስለዚህ ወይ `00000` ይጽፋሉ፣ ወይ የመስሪያ ቤታቸውን ሣጥን ቁጥር። ስድስት አሃዝ ሲሆን ህንድ ይመስላል፣ አምስት ሲሆን አሜሪካ። `00000` ደግሞ ኤክሴል ውስጥ ገብቶ ባዶ `0` ሆኖ ይወጣል። አንዲት ዜሮ ብቻዋን ቆማ ካያችሁ መጀመሪያ ስልኩ በ971 ይጀምር እንደሆነ እዩ። ከጀመረ ኮዱን ሰርዙት፣ የሰፈሩንና የሕንፃውን ስም ከነስልኩ ጻፉ። እዚያ ጥቅሉን የሚያደርሰው የተቀባዩ ስልክ ነው።