አራት ቀን ገምጋሚ ያጣው ፑል ሪኩዌስት

ደንበኛን ሁለቴ የሚያስከፍል ስህተት አርሜ ሰኞ ፑል ሪኩዌስት ከፈትኩ። እስከ ሐሙስ ያየው ሰው የለም። በቡድናችን ቻት ሁለት ጊዜ «እባካችሁ እዩልኝ» ብያለሁ። ለሁሉም የተባለን ነገር ግን ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ ያልፈዋል።

ሐሙስ ጠዋት ለአለቃዬ በግል ጻፍኩላቸው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የድርብ ክፍያው ማስተካከያ ከሰኞ ጀምሮ ገምጋሚ አላገኘም። ለውጡ 40 መስመር ነው፣ ቴስቱም አልፏል። ዛሬ እስከ 9 ሰዓት ካልታየ የነገው ሪሊዝ ያመልጠዋል። የክፍያውን ኮድ ከሚያውቁት ሁለት ልጆች አንዱን ይመድቡልኝ።»

ማንንም አልወቀስኩም። የጠየቅኩት አንድ ውሳኔ ነው፤ ሰዓቱንና ሰዎቹንም ጠቆምኩ። ሰው የተመደበው ወዲያው ነው፤ ከሰዓት በኋላ መርጅ ሆነ።

ቀድሞስ ለምን ማንም አልተጠራም? ይሄ አላስተኛኝም። የትኛውን ኮድ ማን እንደሚገመግም የሚጻፍበትን `CODEOWNERS` ፋይል ጊትሃብ ላይ ስከፍተው ይህ መስመር ስህተት አለው ይላል፦

```
/payments/ @org/payments-team
```

ቡድኑ ሪፖው ላይ የነበረው ፈቃድ `Read` ብቻ ነው። `Write` የሌለውን ቡድን ጊትሃብ ለግምገማ አይጠራም። የሪፖው አስተዳዳሪ ፈቃዱን ቀየረልን። በማግስቱ የከፈትኩት ፑል ሪኩዌስት ላይ ቡድኑ ራሱ ተጠርቶ አገኘሁት።