ሩዙ ነው የከሰረው ወይስ ሰንጠረዡ? የእርሻ መዝገብ ችግርና መፍትሄ

ፎገራ የሚያርሱት አጎቴ በቀደም ባሕር ዳር መጥተው ገና ቡናው ሳይቀርብ «ከእንግዲህ ሩዝ አልዘራም» አሉኝ። ልጃቸው በኮምፒውተር ባዘጋጀው ሰንጠረዥ ላይ ሩዝ በሄክታር 15,000 ብር፣ ሽንኩርት ደግሞ 44,000 ብር ያተርፋል ይላል። ክረምት ውሃ የሚተኛበትን ማሳ ሩዝ ካልዘሩበት ምን ሊዘሩበት እንዳሰቡ ስጠይቃቸው ዝም አሉ። ደብተሩንም ሰንጠረዡንም ጎን ለጎን ዘርግተን አመሸን። ሩዙ አልከሰረም። የተሳሳተው ሰንጠረዡ ነበር፤ ያውም በአንድ ቦታ ሳይሆን በብዙ። ያገኘናቸውን ስህተቶች በተፈተሹበት ቅደም ተከተል አስቀምጣቸዋለሁ። የብር ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ጠቅልያቸዋለሁ፤ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትውሰዷቸው።

የሰንጠረዡ ድምር ከደብተሩ ድምር ያንሳል

ከሁሉ በፊት ይህን ፈትሹ። ደብተሩ ላይ ያለው ወጪ ሁሉ ወደ ሰንጠረዡ ካልገባ የቀረው ስሌት ልፋት ብቻ ነው። የእኛ ሰንጠረዥ ሁለት ገጾች አሉት። «ወጪ» የሚለው ገጽ እያንዳንዱን ክፍያ በአንድ መስመር ይይዛል፤ «ማጠቃለያ» የሚለው በየወቅቱና በየሰብሉ ይደምራል። በወጪ ገጽ ወቅቱ በ D፣ ሰብሉ በ E፣ ብሩ በ G አምድ ነው። በማጠቃለያው ደግሞ A ወቅት፣ B ሰብል፣ C ሄክታር፣ D ወጪ ነው። የማጠቃለያው ድምር በዚህ ቀመር ይሠራል፦

```
=SUMIFS('ወጪ'!G:G,'ወጪ'!D:D,A2,'ወጪ'!E:E,B2)
```

የሽምብራው ወጪ ከተጠበቀው በጣም አንሶ ወጣ። ምክንያቱ ልጁ አንዳንዱን መስመር «ሽምብራ»፣ ሌላውን «ሽንብራ» ብሎ መጻፉ ነው። እኛ ሁለቱን አንድ አድርገን እናነባለን፤ ቀመሩ ግን ሁለት የተለያዩ ሰብሎች አድርጎ ያያቸዋል። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «መኸር» እና «መኽር» ላይም እንዲሁ ነው። የእኛ ፊደል ለዚህ ዓይነት ስህተት በጣም የተመቸ ነው፤ ድምፁ አንድ ወይም የተቀራረበ ሆኖ ፊደሉ ሁለት ስለሆነ ዓይን በቀላሉ ያልፈዋል። ከቃሉ መጨረሻ የቀረች ባዶ ቦታም እንደዚያው ታሳስታለች፣ ያውም ጨርሳ አትታይም። ሌላው ደግሞ ብሩን «4,500 ብር» ብሎ በአንድ ሳጥን መጻፍ ነው። «ብር» የሚለው ቃል ሲጨመር ቁጥሩ ጽሑፍ ይሆንና ሳይደመር ይቀራል። እንዲህ ያለው በሳጥኑ በግራ በኩል ተጠግቶ ስለሚቀመጥ በዓይን ይለያል፤ እውነተኛ ቁጥር ወደ ቀኝ ይጠጋል።

መፍትሄው የሰብሉንና የወቅቱን ስም በእጅ መጻፍ ትቶ ከዝርዝር እንዲመረጥ ማድረግ ነው። ኤክሴል ላይ Data Validation በሚለው ውስጥ List ይባላል። «ብር» የሚለው ቃል በአምዱ ራስጌ ላይ ብቻ ይጻፍ። ከዚያ ከማጠቃለያው ግርጌ፣ ከ40ኛው መስመር በታች፣ ይህን አንድ መስመር ጨምሩ፦

```
=SUM('ወጪ'!G:G)-SUM(D2:D40)
```

ውጤቱ ዜሮ ካልሆነ ቤት ያላገኘ ወጪ አለ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ጽሑፍ ከሆኑ ግን ይህም ቀመር ስለማያያቸው፣ ድምሩን አንድ ጊዜ ከደብተሩ ጋር በእጅ ማመሳከር አይቀርም።

የአንዱ ሰብል የሄክታር ወጪም ምርትም ትርፍም አንድ ላይ አንሰዋል

የአጎቴ ሩዝ በሰንጠረዡ ላይ በሄክታር 15,000 ብር ወጪ፣ 10 ኩንታል ምርትና 15,000 ብር ትርፍ ያሳያል። ፎገራን የሚያውቅ ሰው 10 ኩንታል የሚለውን ሲያይ ብቻ ይጠረጥራል። ሦስቱም ቁጥሮች በእኩል መጠን ካነሱ ጥፋቱ በሚካፈሉበት ቁጥር ላይ ነው፤ እሱም የመሬቱ ስፋት ነው።

ልጁ በሄክታር አምድ ውስጥ 3 ብሎ ጽፏል። ማሳው 3 ቃዳ ነው። በእኛ አካባቢ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ተብሎ ስለሚቆጠር መጻፍ የነበረበት 0.75 ነው። የሽንኩርቱን 2 ቃዳ ግን በትክክል 0.5 ብሎ አስገብቶታል። ስለዚህ ሩዙ በአራት እጥፍ አንሶ፣ ሽንኩርቱ በልኩ ሆኖ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁለቱም ቢሳሳቱ ኖሮ ቢያንስ ንጽጽሩ በተረፈ ነበር።

ሲታረም ሩዙ እንዲህ ሆነ። ጠቅላላ ወጪው 45,000 ብር ሲሆን ለ0.75 ሲካፈል በሄክታር 60,000 ይመጣል። ምርቱ 30 ኩንታል ስለነበር በሄክታር 40 ኩንታል ሆነ። ኩንታሉ በ3,000 ብር ሲሰላ ሽያጩ 90,000፣ ትርፉ 45,000፣ በሄክታር ደግሞ 60,000 ብር ነው።

ቃዳ በእርምጃና በበሬ ጉልበት የተለመደ ልክ ስለሆነ ከማሳ ማሳ ይለያያል። ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ካላችሁ ማሳው ተለክቶ በሄክታር ተጽፎበታልና እሱን ውሰዱ። በሰንጠረዡ ላይ ደግሞ ቃዳውን በአንድ አምድ ጽፋችሁ ሄክታሩን በቀመር ለአራት አካፍሉ። ገበሬው የሚያውቀውን ይጻፍ፤ ማካፈሉ የኮምፒውተሩ ሥራ ይሁን።

አንዱ ዓመት ከባድ ኪሳራ፣ ቀጣዩ የማይታመን ትርፍ

ወጪውና ሽያጩ በየዓመቱ ተለይቶ ሲደመር ሩዙ በ2016 ዓ.ም 33,000 ብር ከስሮ በ2017 78,000 ብር አትርፏል። ምንም አልተፈጠረም። ሩዝ ሰኔ ላይ ተዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል፤ መስከረም መሐል ላይ ትገባለች። የእርሻው፣ የማዳበሪያውና የአረሙ 33,000 ብር በ2016 ወጣ፤ የአጨዳና የውቂያው 12,000 ብር እና ሽያጩ ሁሉ በ2017 ወደቀ። ሁለቱን ብትደምሩ ያው 45,000 ብር ትርፍ ይመጣል።

ስለዚህ ወጪ በከፈላችሁበት ዓመት ሳይሆን ባገለገለው ሰብል ወቅት ይመደብ። ሰኔ 2016 የተገዛ ዩሪያ ወቅቱ «2016/17 መኸር» ነው፤ ጥር 2017 ለሽንኩርት የተገዛው ደግሞ «2017 መስኖ»። ወቅቱ ክፍያው በሚመዘገብበት ቀን ይጻፍ። ከስድስት ወር በኋላ የትኛው ከረጢት ለየትኛው ማሳ እንደዋለ የሚያስታውስ የለም።

ቀኑን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር እንዲሁ አያውቀውም። 30/2/2017 ብላችሁ ጥቅምት 30ን ስትጽፉ በፈረንጆቹ የካቲት 30 የለምና እንደ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ከሌሎቹ ቀናት ብዙዎቹን ደግሞ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይቀበላል። በቅደም ተከተል ሲደረደር ሁሉም ይደባለቃል። ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት ብላችሁ በሦስት አምድ ለየብቻ ጻፉት፤ ያን ጊዜ ጳጉሜም 13 ሆና በሰላም ትቀመጣለች።

ሽንኩርቱ ጥሩ ተሸጦ ትርፉ ትንሽ ነው

የሽንኩርቱ ወጪ 158,000 ብር ተብሎ ነበር። ሽያጩ፣ 100 ኩንታል በ1,800 ብር፣ 180,000 ነው። ትርፉ 22,000 ብቻ ሆነ፤ ለግማሽ ሄክታር ስለሆነ በሄክታር 44,000። መስመር በመስመር ስንወርድ በዚያው ወቅት የተገዛ የውሃ መሳቢያ ሞተር አገኘን፣ 60,000 ብር። ሞተሩ ገና ጎተራው ጥግ ቆሟል፤ ለከርሞም ይሠራል። የአምስት ዓመት ዕቃን አንድ ሽንኩርት እንዲከፍለው ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የሞተሩን ግዢ «ዕቃ» በሚል ሌላ ገጽ አስፍረን በወጪው ገጽ ላይ 12,000 ብር ብቻ ተውን። ወጪው 110,000 ሆነ፣ ትርፉ 70,000፣ በሄክታር 140,000 ብር። ቤንዚኑና ጥገናው ግን በየወቅቱ እንዳሉ ይገባሉ። አምስት ዓመት ያልነው በግምት ነው፤ የእናንተ ሞተር በሦስት ዓመት የሚሞት ከሆነ ለሦስት አካፍሉት።

የደቦው ነገር እዚሁ ይነሳ። አጎቴ ለደቦ ገንዘብ ስላልከፈሉ ወጪ የለም ብለው ነበር። ጠላውና ምግቡ ከየት መጣ? እሱ ይመዝገብ። የቤተሰብ ጉልበትን በተመለከተ ለብቻው በአንድ አምድ ጽፌ ትርፉን ሁለት ጊዜ ማውጣት እመርጣለሁ፤ ከጉልበቱ ጋርና ያለ ጉልበቱ። ሁለቱን መቀላቀል ነው የሚጎዳው።

የአንድ ማሳ ምርት በድንገት ወርዷል፣ ዝናቡ ግን ደህና ነበር

ምን እንደተመዘነ ጠይቁ። አንዱ ወቅት ሩዙ ከነገለባው፣ ሌላው ከወረታ ወፍጮ ቤት ተፈትጎ ከወጣ በኋላ ተመዝግቦ ይሆናል። የአጎቴ 30 ኩንታል ተፈትጎ 20 ገደማ ይሆናል፤ በሄክታር 40 የነበረው ከ27 ያንሳል ማለት ነው። ምርቱን ሁልጊዜ ከነገለባው መዝግቡ፤ የተፈተገ ከሸጣችሁ የመፈተጊያውን ክፍያ በወጪ አስገቡ። መሬቱ የእኩል ከሆነም ሙሉውን ምርት ጽፋችሁ የባለመሬቱን ድርሻ በወጪ አስቀምጡ። የራሳችሁን ግማሽ ብቻ ስትጽፉ ነው መሬቱ የደከመ የሚመስለው።

የሰብሎቹ ትርፍ ሲደመር ከኪስ ካለው ይበልጣል

የታረሙትን 60,000 እና 140,000 ደምሮ ልጁ «በዓመት በሄክታር 200,000» አለ። ሽንኩርቱ ግን ሩዙ ከተነሳበት 3 ቃዳ ላይ 2ቱን ብቻ ነው የያዘው። የሄክታር ቁጥር አይደመርም፣ አማካይም አይወሰድለትም። ብሩን መጀመሪያ ደምሩ፣ 45,000 እና 70,000፣ 115,000 ይሆናል። ከዚያ በእጃችሁ ላለው መሬት፣ ለ0.75፣ አካፍሉ። በሄክታር 153,000 ብር ገደማ ይመጣል።

ሲያበቃ አጎቴ ራሳቸው አንድ አምድ አስጨመሩኝ፤ ወጪው ለኩንታል ስንት ነው የሚል። ለሩዙ 1,500፣ ለሽንኩርቱ 1,100 ብር ወጣ። ሁለቱን ቁጥሮች በእስክሪብቶ የደብተሩ ልባስ ላይ ጻፏቸው። ደላላ ማሳው ድረስ መጥቶ ዋጋ ሲጠራ ኮምፒውተር የሚከፍት የለም አሉ። ሩዙንም በሰኔ ይዘሩታል።