በየፎርዋርድ ስሌቱ ላይ «ልዩነት አገኘሁ» ከማለት በፊት የሚፈጸሙ ስህተቶች

በአንድ ባንክ የትሬዠሪ ክፍል ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ከአዳዲስ ባልደረቦች ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ንግግር አለ። ወጣቱ ባለሙያ የኤክሴል ሠንጠረዡን ይዞ ይመጣና «የዶላርና የየን ፎርዋርድ ከቀመሩ ጋር አይገጥምም፤ በመሀል የሚታፈስ ትርፍ አለ» ይላል። ብዙውን ጊዜ የታየው ልዩነት ከገበያው ሳይሆን ከስሌቱ የመጣ ነው። እውነተኛ ልዩነት የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ ነገር ግን እሱም ቢሆን ባለሙያው እንዳሰበው በነጻ የሚገኝ አይደለም። ይህን የምጽፈው ሁለቱን ለመለየት የሚያስቸግሩ ስህተቶችን ለማሳየት ነው።

የተሸፈነ የወለድ እኩልነት የሚባለው ሐሳብ ይህ ነው፦ ዶላርን ለ90 ቀን በዶላር ወለድ ማስቀመጥ፣ ወይም ዶላሩን ዛሬ ወደ የን ለውጦ በየን ወለድ አስቀምጦ የመመለሻውን ተመን ዛሬውኑ በፎርዋርድ ውል መቆለፍ፣ በመጨረሻ የሚሰጡት ገንዘብ እኩል መሆን አለበት። «የተሸፈነ» የተባለው የመመለሻው ተመን አስቀድሞ ስለታሰረ ነው። ለዶላርና ለየን ቀመሩ እንዲህ ይጻፋል፦

```
F = S × (1 + r_JPY × d/365) / (1 + r_USD × d/360)
```

S ዛሬ አንድ ዶላር የሚገዛው የን (የስፖት ተመን) ነው፤ F የፎርዋርዱ ተመን፣ r የየገንዘቡ ዓመታዊ ወለድ፣ d ደግሞ የቀኖቹ ብዛት ናቸው። ለምሳሌ እንዲያመች የተጠጋጉ ቁጥሮችን ልውሰድ፦ ስፖት 150.00፣ የዶላር ወለድ 5 በመቶ፣ የየን ወለድ 0.25 በመቶ፣ ጊዜው 90 ቀን። ውጤቱ 148.24 ነው። ከዚህ በታች የሚነሱት ስህተቶች ሁሉ ከዚህ ቁጥር የሚያርቁን ናቸው።

ቀመሩን መገልበጥ

የገንዘብ ጥንዱ የተጻፈበትን አቅጣጫ ሳያዩ የላይኛውንና የታችኛውን ወለድ የሚያቀያይሩ አሉ፤ በዚህ ምሳሌ 151.78 ያገኛሉ። እኔም በጀማሪነቴ ለአንድ አስመጪ ደንበኛ የተዘጋጀ ሰነድ ላይ ይህንኑ ስህተት ሠርቻለሁ፤ አለቃዬ ሰነዱ ከመውጣቱ በፊት አይቶ አስቆመው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ውጤት ከመላኬ በፊት ከፍ ያለ ወለድ የሚከፈልበት ገንዘብ በፎርዋርዱ ረክሶ መታየቱን አረጋግጣለሁ። እዚህ ወለዱ ከፍ ያለው ዶላር ነው፤ ስለዚህ በፎርዋርድ አንድ ዶላር የሚገዛው የን ከ150 ማነስ አለበት።

የቀን አቆጣጠርን ማሳሳት

ዓመታዊ ወለድን ለ90 ቀን ሳይከፍሉ ማስገባት ስህተት መሆኑ ግልጽ ስለሆነ አልዘገይበትም፤ 143.21 የሚል ውጤት ያየ ሰው ራሱ ይነቃል። የሚያታልለው ትንሹ ስህተት ነው። በገበያው ልማድ የዶላር ወለድ የሚሰላው ዓመቱን 360 ቀን አድርጎ ሲሆን የየን ወለድ ደግሞ በ365 ነው። ሁለቱንም በ365 ያሰላ ሰው 148.24 በማግኘት ፈንታ 148.26 ያገኛል። ልዩነቱ ሲታይ ኢምንት ይመስላል፤ ሆኖም በ10 ሚሊዮን ዶላር ውል ላይ ወደ 250,000 የን ገደማ ይደርሳል፣ በዓመታዊ ወለድ ሲለካም 0.07 በመቶ ያህል ነው። በዚህ ገበያ ሰዎች የሚከራከሩበት ልዩነት የዚህን ያህል ትንሽ ነው።

ስፖቱንና ፎርዋርዱን ከተለያየ ሰዓት መውሰድ

ይህን ስህተት በተደጋጋሚ ከማየቴ የተነሣ አሁን የማንንም ሠንጠረዥ ስከፍት መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሰዓቱ ነው። አንድ ትጉ ባልደረባዬ ለሳምንታት የሰበሰበውን መረጃ ይዞ መጣና በየቀኑ ማለት ይቻላል 0.4 በመቶ የሚደርስ ልዩነት አሳየኝ። ስፖቱን ከአንድ ምንጭ የኒው ዮርክ ገበያ ሲዘጋ፣ ፎርዋርዱን ደግሞ ከሌላ ምንጭ በቶኪዮ የሥራ ሰዓት የተመዘገበውን ወስዶ ነበር። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል የየን ተመን 0.15 ቢንቀሳቀስ፣ ያ የተመኑ 0.1 በመቶ ነው፤ የሦስት ወር ውል ስለሆነ ወደ ዓመት ሲለወጥ በአራት ይባዛና 0.4 በመቶ ይሆናል። ዶላርና የን በአንድ ቀን 0.15 የን መንቀሳቀሳቸው ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ስለዚህ ባልደረባዬ ለሳምንታት የለካው የወለድ ልዩነትን ሳይሆን የተለመደውን የስፖት እንቅስቃሴ ነበር።

መፍትሔው ነጋዴዎቹ ራሳቸው ዋጋ የሚሰጡበትን መንገድ መከተል ነው። ባንኮች እርስ በርሳቸው ሙሉውን የፎርዋርድ ተመን አይጠቅሱም፤ የሚጠቅሱት ከስፖቱ የሚቀነሰውን ወይም የሚደመረውን የፎርዋርድ ነጥብ ነው። በምሳሌያችን ነጥቡ 1.76 ሲቀነስ ይሆናል። ይህ ነጥብ በዋናነት የሚከተለው የሁለቱን ወለዶች ልዩነት እንጂ የስፖቱን የደቂቃ እንቅስቃሴ አይደለም፤ ስለዚህ ነጥቡንና ወለዶቹን በአንድ ሰዓት ከወሰድን፣ ስፖቱ ትንሽ ቢያረጅም ስሌቱ አይበላሽም። ሙሉውን ተመን ብቻ ይዞ ስፖቱን ከሌላ ቦታ የሚያመጣ ሰው ግን ስፖቱ የተሳሳተበትን መጠን እንዳለ ወደ ውጤቱ ያስገባል።

የማይመሳሰሉ ወለዶችን ማነጻጸር

በአንድ ወገን የማዕከላዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ፣ በሌላው ወገን ባንኮች ለሦስት ወር የሚበዳደሩበት ወለድ ሲገባ የሚወጣው ልዩነት ትርጉም የለውም። ሁለቱም ወለዶች የአንድ ዓይነት ብድር፣ የአንድ ጊዜ ርዝመትና ተመሳሳይ ሥጋት ያለባቸው መሆን አለባቸው። የቆየ መረጃ የሚያጠና ሰው ደግሞ ባንኮች የሚበዳደሩበት የቀድሞ መለኪያ ወለድ የነበረው ላይቦር ለየን በ2021 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ የዶላሩ ዋና ተመን ደግሞ በሰኔ 2023 መጨረሻ መቋረጣቸውን ማስታወስ ይኖርበታል፤ አሮጌውን ከአዲሱ ተመን ጋር ሲቀጥል የሚያየው ድንገተኛ ዝላይ ገበያው ውስጥ የተፈጠረ አይደለም።

እውነተኛውን ልዩነት እንደ ነጻ ትርፍ መቁጠር

ሁሉም ነገር ተስተካክሎም ገበያው 148.24 ሳይሆን 148.10 የሚል ፎርዋርድ ቢሰጠንስ? እንዲህ ያለው ልዩነት በእርግጥ ይከሰታል። እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በትልልቆቹ ገንዘቦች ላይ ልዩነቱ ለዜሮ የቀረበ ነበር። በ2008ቱ ቀውስ በጣም ሰፋ፤ ከዚያ በኋላም ቢጠብም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ገበያው ይህን ልዩነት ቤዚስ ይለዋል። በየን በኩል ዋነኛው ምክንያት የጃፓን የሕይወት መድን ኩባንያዎችና ባንኮች በዶላር ብዙ ሀብት መያዛቸው ነው፤ የተመን ሥጋቱን ለመሸፈን ዶላርን በፎርዋርድ ይሸጣሉ፣ ይህም ማለት ዶላርና የን ዛሬ ተለዋውጠው በታሰረ ተመን በሚመለሱበት የስዋፕ ገበያ ዶላር ይበደራሉ ማለት ነው። ፈላጊው ሲበዛ በዚህ መንገድ የሚገኘው ዶላር ከተራው የዶላር ወለድ በላይ ይወደዳል።

ስሌቱን እስከ መጨረሻው እንከተለው። 10 ሚሊዮን ዶላር በ5 በመቶ ተበደርን እንበል፤ በ90 ቀን የምንመልሰው 10,125,000 ዶላር ነው። ዶላሩን በ150 ለውጠን 1.5 ቢሊዮን የን አገኘን፣ በ0.25 በመቶ አስቀመጥነው፣ በ90ኛው ቀን 1,500,924,658 የን ሆነ። በ148.10 መልሰን ስንገዛ 10,134,535 ዶላር ይገኛል። ትርፉ 9,535 ዶላር፣ በዓመት ሲለካ 0.38 በመቶ ነው። ወጣቱ ባለሙያ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ የእኔ ትዕግሥት የሚያልቀውም እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ወጪው ገና አልተቆጠረም።

ባንኩ ይህን ሲያደርግ የሒሳብ መዝገቡ በ10 ሚሊዮን ዶላር ያድጋል። ባዝል 3 የተባለው ዓለም አቀፍ የባንኮች ደንብ ሥጋቱ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ከጠቅላላው ሀብት ላይ ቢያንስ 3 በመቶ ካፒታል እንዲያዝ ያዛል፤ ይህ 300,000 ዶላር ነው። ባለአክሲዮኖች በዓመት 10 በመቶ ከጠበቁ ለሦስት ወር 7,500 ዶላር ይወጣል። ስዋፑን ስንገባ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነት 0.01 የን ብቻ ቢያስከፍለን ወደ 675 ዶላር ገደማ ይሄዳል። የቀረው 1,400 ዶላር እንኳ አይሞላም። የሦስት ወር ዶላር የምንበደረው በ5 ሳይሆን በ5.1 በመቶ ከሆነ ተጨማሪ 2,500 ዶላር ስለሚከፈል ንግዱ ወደ ኪሳራ ይዞራል። የጎደለውን የሚሞሉት ርካሽ ዶላርና ያልተጣበበ መዝገብ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ለሌላው ሰው የ0.38 በመቶው ልዩነት በአብዛኛው የመዝገቡ ኪራይ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆን ሜይናርድ ኬንስ በ1923 (እ.ኤ.አ.) ልዩነቱ በዓመት ግማሽ በመቶ ካልሞላ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን እንደማያንቀሳቅሱ ገልጾ ነበር፤ የወጪዎቹ ዓይነት ተለወጠ እንጂ ነገሩ ዛሬም ያው ነው።

ልዩነቱ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ የምጠቀምበት አንድ ፍንጭ አለ። ባንኮች መዝገባቸውን የሚያሳውቁት በሩብ ዓመትና በዓመት መጨረሻ ስለሆነ በእነዚያ ቀኖች መዝገብ ያጥራል፤ የአንድ ወር ፎርዋርድ የታኅሣሥ 31ን ቀን የሚሻገር ሲሆን ልዩነቱ በድንገት ይሰፋል፣ ቀኑ ሲያልፍ ይመለሳል። ይህን የቀን መቁጠሪያ ቅርጽ የሚከተል ልዩነት ከመዝገብ ወጪ የመጣ ነው። ያለ ምንም ቅርጽ በየቀኑ የሚዘልል ከሆነ ግን ወደ ሰዓቱ ስህተት መመለስ ይሻላል።

ቀመሩን በማይሠራበት ቦታ መጠቀም

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ብዙ ጓደኞቼ የብሔራዊ ባንክን የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድና የዶላርን ወለድ ወደ ቀመሩ አስገብተው የብርን «የዓመት ፎርዋርድ» ያወጡ ነበር። 15 በመቶን ከ5 በመቶ ጋር ቢያስገቡ ቀመሩ ዶላር በዓመት 9.5 በመቶ ገደማ እንደሚወደድ ይናገራል፤ እውነተኛው ተመን ግን ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። እዚህ ሁለት ስህተቶች አብረው አሉ። አንደኛው ፎርዋርዱ ትንበያ ነው ብሎ ማሰብ ነው፤ ፎርዋርድ ሁለት ወለዶችን የሚያስተካክል ዋጋ እንጂ ነገ ስፖቱ የት እንደሚደርስ የሚናገር አይደለም። ሁለተኛው የበለጠ መሠረታዊ ነው፦ ቀመሩ የሚይዘው አንድ ሰው በነጻነት ብር ተበድሮ፣ ወደ ዶላር ለውጦ፣ ዶላሩን ወደ ውጭ አስቀምጦ፣ በታሰረ ተመን መመለስ ሲችል ብቻ ነው። ከእነዚህ አራት እርምጃዎች አንዱ በሕግ ወይም በምንዛሪ እጥረት ከተዘጋ ልዩነቱን የሚያጠብ ንግድ ስለማይኖር ከቀመሩ የሚወጣው ቁጥር የማንም ዋጋ አይደለም፤ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የአስመጪን የግዢ በጀት ማዘጋጀትም አይቻልም።